ልጅ በአለርጂ ሲታፈን፤ አድሬናሊን በኪሎ ልክ

የልጅዎን ክብደት አሁን ቢጠየቁ በትክክል ይናገራሉ? ብዙዎቻችን ዕድሜዋን እስከ ወሩ ድረስ እናውቃለን፤ ኪሎዋን ግን «ደህና ናት፣ አልከሳችም» ብለን እናልፋለን። ዛሬ በዚህ አምድ የምናነሳው ከባድ የአለርጂ ድንገተኛ ሕመም ግን ከሐኪሙ አፍ የመጀመሪያ ሆኖ የሚወጣው ጥያቄ ይህ ነው፤ «ልጅቷ ስንት ኪሎ ናት?» ምክንያቱም ሕይወት የሚያድነው መድኃኒት የሚለካው በኪሎ ነው፤ ልኩም በጣም ትንሽ ስለሆነ አንዲት ነጥብ ቦታዋን ብትስት አሥር እጥፍ ይሆናል።

ነገሩን በአንድ ታሪክ ላስረዳ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ጤና ጣቢያ ተረኛ ነበርሁ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንዲት እናት የአራት ዓመት ልጇን ታቅፋ እየሮጠች ገባች። ልጅቷ አያቷ ቤት የለውዝ ቅቤ የተቀባ ዳቦ በልታለች። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ከንፈሯ አበጠ፤ ገላዋ ላይ እንደ ሳማ የለበለባት ያህል ብድግ ብድግ ያለ ሽፍታ ወጣ፤ ሁለት ጊዜ አስመለሳት። እናት ለአለርጂ ብላ ቤት ያስቀመጠችውን ሽሮፕ አጠጣቻት፤ «ይተዋታል» ብላም ጥቂት ጠበቀች። የልጅቷ ድምፅ ሲጎረንንና ስትተነፍስ ሲር ሲር ማለት ስትጀምር ግን ታክሲ ይዛ መጣች።

እኔ ስደርስ ልጅቷ አልጋ ላይ ነበረች። ልብ ምቷ ይፈጥናል፤ እጅና እግሯ ቀዝቅዟል፤ ስትጠራ ዓይኗን ትገልጣለች እንጂ አትመልስም። ነርሷ ደም ስር ፈልጋ ሃይድሮኮርቲዞን ልትሰጥ እየተዘጋጀች ነበር። «ሲስተር፣ እሱ ይቆይ፤ አስቀድመን አድሬናሊን» አልኋት። እሷም አምፑሉን ሰብራ በአምስት ሚሊ ሊትር ስሪንጅ ሙሉውን ቀድታ «ስንት ልስጥ?» አለችኝ። ያን ጊዜ ነው እናትየዋን «ልጅቷ ስንት ኪሎ ናት?» ብዬ የጠየቅኋት። እንደ ዕድል ሆኖ ባለፈው ወር በክትባት ክፍል ተመዝና 14 ኪሎ መሆኗን ታስታውስ ነበር።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ከመናገሬ በፊት ሕመሙ ምን እንደሆነ እንይ። ከባድ አለርጂ፣ በሕክምና አጠራሩ አናፊላክሲስ፣ የሰውነት መከላከያ አንድን ነገር እንደ ጠላት ቆጥሮ በአንድ ጊዜ ብዙ ኬሚካል ሲለቅ የሚመጣ ነው። ለውዝ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ የንብ ንድፊያ፣ እንደ ፔኒሲሊን ያሉ መድኃኒቶች የተለመዱ መነሻዎች ናቸው። እነዚያ ኬሚካሎች የደም ስሮችን ያሰፋሉ፤ ፈሳሽ ከደም ስር ወጥቶ ወደ ሥጋው ይገባል፤ ስለዚህ የደም ግፊት ይወድቃል። ጉሮሮ ያብጣል፤ የሳንባ ቱቦዎች ይጠብባሉ። ልጁ የሚሞተው ወይ አየር አጥቶ፣ ወይ ደም ወደ አንጎልና ወደ ልብ መድረስ አቅቶት ነው። ይህ ሁሉ በደቂቃዎች ውስጥ ሊሆን ይችላል።

ተራ አለርጂን ከከባዱ የምንለየው እንዲህ ነው። ሽፍታና ማሳከክ ብቻ ከሆነ፣ ልጁም ቢጫወትና ደህና ቢተነፍስ፣ ሽሮፕ ሊበቃው ይችላል፤ በቅርብ መጠበቅ ግን ያስፈልጋል። ሽፍታው ላይ የመተንፈስ ችግር ሲጨመርበት፣ ማለትም ድምፅ መጎርነን፣ ምላስ ማበጥ፣ ሲር ሲር ማለት፣ ያለማቋረጥ ማሳል፤ ወይም የደም ዝውውር ችግር ሲታከልበት፣ ማለትም መገርጣት፣ መዝለፍለፍ፣ ራስን መሳት፤ ያ ከባድ አለርጂ ነው። ሽፍታው በድንገት ወጥቶ ተደጋጋሚ ትውከት ወይም ከባድ የሆድ ቁርጠት ቢከተለውም እንደዚያው ነው። አንድ ነገር ግን አይርሱ፤ አለርጂ እንዳለበት የታወቀ ልጅ ያንኑ ነገር በልቶ ወይም በንብ ተነድፎ በድንገት ቢታፈን ወይም ቢዝለፈለፍ፣ ቆዳው ላይ ምንም ሽፍታ ባይኖርም ከባድ አለርጂ ነው። ሽፍታ እስኪወጣ መጠበቅ ጊዜ ማባከን ነው።

የዚህ ሕመም የመጀመሪያ መድኃኒት አንድ ብቻ ነው፤ አድሬናሊን። ኢፒንፍሪን ተብሎም ይጠራል፤ ሁለቱም አንድ ነው። የሰፋውን ደም ስር ያጠብባል፤ ያበጠውን ጉሮሮ ያጎድላል፤ የጠበበውን የሳንባ ቱቦ ይከፍታል፤ ልብንም ያበረታል። የአለርጂ ሽሮፑ ማሳከክና ሽፍታን ይቀንሳል እንጂ የወደቀ የደም ግፊት አያነሳም፤ የታፈነ ጉሮሮም አይከፍትም። ሃይድሮኮርቲዞን ደግሞ ሥራውን ለመጀመር ሰዓታት ይፈልጋል። ሁለቱም ከአድሬናሊን በኋላ ሊመጡ ይችላሉ እንጂ ቀድመውት መሰጠት የለባቸውም። የብዙ ልጆች ሕይወት አደጋ ላይ የሚወድቀው እነዚህን ሰጥተን «እስቲ እንየው» በምንልበት ጊዜ ነው።

አሁን ወደ ልኩ። ለልጆች በጡንቻ የሚሰጠው የአድሬናሊን መጠን ለእያንዳንዱ ኪሎ 0.01 ሚሊግራም ነው። በጤና ተቋሞቻችን በብዛት የምናገኘው አምፑል አንድ ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ሆኖ በውስጡ አንድ ሚሊግራም መድኃኒት አለው። ላዩ ላይ «1:1000» ተብሎ ተጽፎ ቢያዩት ትርጉሙ ይኸው ነው፤ አንድ ግራም በአንድ ሺህ ሚሊ ሊትር፣ ማለትም አንድ ሚሊግራም በአንድ ሚሊ ሊትር። ስለዚህ ስሌቱ ቀላል ነው፤ የልጁን ኪሎ ለመቶ ማካፈል ነው። የሚገኘው ቁጥር የሚሰጠው መድኃኒት በሚሊ ሊትር ነው።

የእኛዋ ልጅ 14 ኪሎ ናት። 14 ለመቶ ሲካፈል 0.14 ይሆናል። ስለዚህ የሚያስፈልጋት 0.14 ሚሊ ሊትር ነው። ስምንት ኪሎ የሆነ ሕፃን 0.08፣ ሃያ ኪሎ የሆነ ልጅ 0.20፣ ሠላሳ ኪሎ የሆነ 0.30 ሚሊ ሊትር ያስፈልገዋል። ከዚያ በላይ ግን ከኪሎው ጋር እያደገ አይሄድም፤ ለልጅ የአንድ ጊዜ ጣሪያው 0.3 ሚሊ ሊትር ነው። ለጎረምሳና ለአዋቂ ደግሞ 0.5 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ግማሽ አምፑል ነው።

ሲስተር በእጇ የያዘችው ስሪንጅ ሙሉ አንድ ሚሊ ሊትር ነበረው። ያ ለልጅቷ ከሚገባት ሰባት እጥፍ ይሆናል። በዚያ ላይ በአምስት ሚሊ ሊትር ስሪንጅ ከአንዱ ትንሽ መስመር እስከ ሌላው ያለው ርቀት 0.2 ሚሊ ሊትር ነው፤ 0.14ን በእሱ መለካት በሜትር የጥፍርን ውፍረት እንደ መለካት ነው። ስለዚህ የአንድ ሚሊ ሊትር ቀጭኑን ስሪንጅ አስመጣን። በእሱ ላይ እያንዳንዷ ትንሽ መስመር 0.01 ናት። አሥራ አራት መስመር ቆጥረን ቀዳን፤ እኔ ቆጠርሁ፣ ሲስተርም ደግማ ቆጠረች። ለኢንሱሊን የተሠራውን ስሪንጅ አልመረጥንም፤ መርፌው አጭር ስለሆነ ጡንቻ ሳይደርስ ቆዳ ሥር ሊቀር ይችላል።

እዚህ ላይ አንባቢ ሊይዘው የሚገባ አንድ መቆጣጠሪያ አለ። በጡንቻ የሚሰጥ የአንድ ጊዜ አድሬናሊን፣ ለማንም ሰው ቢሆን፣ ከግማሽ አምፑል አይበልጥም። ስለዚህ አንድ ባለሙያ ለልጅ ሙሉ አምፑል ሲያዘጋጅ፣ ወይም ስሌቱ 1.4 ብሎ ሁለተኛ አምፑል እንዲሰብር ሲያስገድደው፣ ነጥቧ ቦታዋን ስታለች ማለት ነው። ያን ጊዜ ቆም ብሎ እንደገና ማስላት ይገባል። ይህ የሚፈጀው አምስት ሰከንድ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የት እንደሚወጋ ነው። ቦታው የጭን መካከል ሆኖ ወደ ውጭ ባለው ጎኑ በኩል ነው። መቀመጫ ላይ ወይም ክንድ ላይ አይደለም፤ ቆዳ ሥርም አይደለም። የጭን ጡንቻ ብዙ ደም ስላለው መድኃኒቱን ቶሎ ወደ ልብ ያደርሰዋል። በ1998 በካናዳ አለርጂ ባለባቸው ልጆች ላይ በተደረገ ጥናት፣ በጭን ጡንቻ የተሰጠው አድሬናሊን በደም ውስጥ ከፍተኛ መጠኑ ላይ የደረሰው በአማካይ በስምንት ደቂቃ ሲሆን፣ ቆዳ ሥር የተሰጠው ግን ሠላሳ አራት ደቂቃ ፈጅቶበታል። አየር ላጠረው ልጅ ያ ልዩነት የመዳንና ያለመዳን ልዩነት ነው። ልብሱን ለማውለቅ ጊዜ ከሌለ በስስ ሱሪ ላይ እንኳ መውጋት ይቻላል።

ስለ ደም ስር ግን ማስጠንቀቂያ አለኝ። ይኸው የአምፑል አድሬናሊን ሳይበጠበጥ በቀጥታ ደም ስር ከገባ ልብን አደገኛ በሆነ ሁኔታ ሊያስመታ፣ የደም ግፊትንም ከልክ በላይ ሊያሽቅብ ይችላል። በደም ስር መስጠት የጽኑ ሕክምናና የሰመመን ባለሙያዎች፣ ልብን በሚከታተል መሣሪያ ታግዘው፣ በበጠበጡት መጠን የሚያደርጉት ሥራ ነው። ልብ ቆሞ ትንሣኤ በሚደረግበት ጊዜ በደም ስር የሚሰጠው ሌላ ጉዳይና ሌላ ስሌት ነው። በአለርጂ ጊዜ ግን መንገዱ ጭን ነው። ደም ስር ፍለጋ ጊዜ ማጥፋትም አያስፈልግም።

ልጅቷን ወጋናት። ቀጥሎ አስተኝተን እግሯን ከፍ አደረግን፤ ኦክስጅን ሰጠናት። እናትየዋ ልጇን ብድግ አድርጋ ልታቅፋት ስትል «እናቴ፣ ትንሽ ይታገሡ፤ ተኝታ ትቆይ» አልኋት። ይህን የምለው በምክንያት ነው። ደም ግፊቱ የወደቀ ልጅ በድንገት ቀና ሲደረግ ወደ ልቡ የሚመለሰው ደም ይቀንሳል፤ በዚያች ቅጽበት ልብ ሊቆም ይችላል። መተንፈስ በጣም የከበደው ልጅ እግሩን ዘርግቶ መቀመጥ ይችላል፤ የሚያስመልሰው ወይም ራሱን የሳተ በጎኑ ይተኛ። ማንኛቸውም ግን ቆመው መሄድ የለባቸውም፤ መጸዳጃ ቤትም ቢሆን።

አምስት ደቂቃ ቆጠርን። ሽፍታው ፈዘዝ አለ፤ ግን ሲር ሲር የሚለው ድምፅ አልቀረም፤ እጇም ገና ቀዝቃዛ ነበር። በዚህ ጊዜ የሚሠራው ስህተት «አንዴ ሰጥተናል» ብሎ መቀመጥ ነው። ምልክቱ ካልለቀቀ ያው ልክ በየአምስት እስከ አሥራ አምስት ደቂቃው ሊደገም ይችላል። ስለዚህ ሌላ 0.14 ሚሊ ሊትር በሌላው ጭኗ ሰጠናት፤ በዚሁ መካከል ነርሷ ደም ስር አግኝታ ፈሳሽ ጀመረች። ከሁለተኛው በኋላ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ድምፁ ጠራ፤ ጉንጯ ቀላ፤ «ማሚ ውሃ» አለች። ከዚያ በኋላ ነው ሽሮፕና ሃይድሮኮርቲዞን ተራቸው የደረሰው።

ከመርፌው በኋላ ልጅቷ እጇ ተንቀጠቀጠ፤ ልቧም በኃይል መታ። እናትየዋ «ዶክተር፣ መድኃኒቱ ጎዳት እንዴ?» ብላ ደነገጠች። መገርጣት፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ መምታት፣ ራስ ምታት መድኃኒቱ እየሠራ መሆኑን የሚያሳዩ ናቸው፤ በአብዛኛው በደቂቃዎች ውስጥ ያልፋሉ። ይህንን ፈርቶ አድሬናሊንን ማዘግየት ግን ልጁን ለከባዱ አደጋ መተው ነው። በትክክለኛ ልክ በጡንቻ ሲሰጥ፣ ከባድ አለርጂ ባለበት ልጅ ላይ «አይሰጥም» የሚያሰኝ ምክንያት የለም።

ልጅቷ ደህና መስላ ሳለ አባቷ ደርሶ «እንውሰዳት፣ ድናለች» አለ። ያልፈቀድንበት ምክንያት አለው። በአንዳንድ ልጆች ላይ ሕመሙ ከሰዓታት በኋላ፣ ምንም ሳይበሉ፣ ተመልሶ ይመጣል። እሷ ደግሞ ሁለት ጊዜ መርፌ ያስፈለጋት ስለሆነች ወደ ሆስፒታል ልከናት ሌሊቱን በክትትል አደረች። አንድ መርፌ ብቻ የበቃውና ቶሎ የተሻለው ልጅም ቢያንስ ለተወሰኑ ሰዓታት በባለሙያ ዓይን ሥር መቆየት አለበት።

ኪሎው ባይታወቅስ? ሚዛን ፍለጋ መርፌው መዘግየት የለበትም። ሕፃኑ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ከሆነ ዕድሜውን በሁለት አባዝቶ ስምንት መደመር የተቀራረበ ኪሎ ይሰጣል፤ የአራት ዓመቷ ልጅ በዚህ ስሌት 16 ኪሎ ትሆናለች፤ ከእውነተኛዋ 14 ብዙም አይርቅም። የከሳ ልጅ ከሆነ ዝቅ ማድረግ ነው። በአንዳንድ አገሮች መመሪያ ደግሞ ከስድስት ወር እስከ ስድስት ዓመት 0.15፣ ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት 0.3 ሚሊ ሊትር ብለው በዕድሜ ይሰጣሉ። የሚበልጠው ግን ትክክለኛው ኪሎ ነው።

በውጭ አገር ዘመድ ያላቸው አንባቢያን አንዳንዴ ራሱ የሚወጋ የአድሬናሊን እስክሪብቶ እንደተላከላቸው ይጠይቁኛል። እነዚህ በተወሰነ ልክ የተሞሉ ናቸው፤ 0.15 ሚሊግራም የያዘው በአሜሪካ መለያው መሠረት ከ15 እስከ 30 ኪሎ ላለ ልጅ፣ 0.3 ሚሊግራም የያዘው ደግሞ ለ30 ኪሎና ከዚያ በላይ ነው። ስለዚህ የታላቅ ወንድም እስክሪብቶ ለታናሽ እህት ተብሎ እንዲሁ አይወሰድም፤ ሐኪም ያሳዩት። የማብቂያ ቀኑን ይመልከቱ፤ ፈሳሹ ቡናማ ሆኖ ከተለወጠ አይጠቀሙበት። ፀሐይና ሙቀት ያበላሹታል። ከተጠቀሙበት በኋላም ልጁን ወደ ሕክምና ይዞ መሄድ ግዴታ ነው።

አምፑል ገዝቶ ቤት ማስቀመጥና ራስን መርፌ ወጊ ማድረግን ግን አልመክርም። በድንጋጤ ውስጥ ነጥብ ትጠፋለች፤ ከላይ እንዳየነው በጤና ጣቢያም ለጥቂት ነው የዳነው። የወላጅ ድርሻ ሌላ ነው። ምልክቱን ሲያይ ሽሮፕ ሰጥቶ አለመጠበቅ፣ ወደ ቅርብ ጤና ተቋም መሮጥ ወይም በአዲስ አበባ 907 ደውሎ አምቡላንስ መጥራት፤ በመንገድ ላይ ልጁን ጋደም አድርጎ መያዝ፤ ደጃፍ ላይ እንደደረሰም «ከባድ አለርጂ ነው፣ ለውዝ በልታለች፣ 14 ኪሎ ናት» ብሎ በአንድ አረፍተ ነገር መናገር። ይህ አረፍተ ነገር የባለሙያውን ደቂቃዎች ያተርፋል። «አድሬናሊን ያስፈልጋት ይሆን?» ብሎ በአክብሮት መጠየቅም ድፍረት አይደለም፤ መብት ነው።

የጤና ተቋማት ኃላፊዎች ደግሞ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ሥራ አለባቸው። መርፌ በሚሰጥበት በእያንዳንዱ ክፍል ግድግዳ ላይ አንድ ወረቀት ይለጠፍ፤ ከአምስት ኪሎ እስከ ሠላሳ ኪሎ ያለው ልክ በሚሊ ሊትር ተሰልቶ፣ ከሥሩ «ጭን ጡንቻ፤ ከ5 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለ ድገም» የሚል ይሁን። ከሥሩ ባለው ሳጥን ውስጥ ሁለት አምፑልና ሁለት የአንድ ሚሊ ሊትር ስሪንጅ አብረው ይቀመጡ፤ በየወሩ የማብቂያ ቀናቸው ይታይ። እኛ ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ይህንን አደረግን። ወረቀቱን በእጇ የጻፈችው ያቺው ሲስተር ናት።

ልጅቷ ዛሬ ትምህርት ቤት ትሄዳለች። ለውዝ ያለበት ነገር አትበላም፤ አያቷም ዳቦ ከመቀባታቸው በፊት የጠርሙሱን ጽሑፍ ያስነብባሉ። እናትየዋ በቅርቡ ስታገኘኝ ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም «ዶክተር፣ አሁን 19 ኪሎ ናት» አለችኝ። እኔም በልቤ 0.19 አልሁ።